34 ውስጥ ያለው 3 ስንት እንጨት ነው?

ልጅቷ የመልመጃ ወረቀቷን ጨርሳ አመጣችልኝ። ስድስት ስዕል፣ ስድስቱም ትክክል። አስር አስር እንጨት የታሰረባቸውን እስሮች ቆጥራለች፣ ያልታሰሩትን ነጠላዎች ቆጥራለች፣ ከእያንዳንዱ ስዕል ወደ ቁጥሩ መስመር አስምራለች። ወረቀቱን ልመልስላት ስል አንድ ነገር ልጠይቃት ፈለግኩ። ጠረጴዛው ላይ ያልታሰሩ 34 እንጨቶች በተንኩና ወረቀት ላይ 34 ብዬ ጻፍኩ።

«ይሄ ሁሉ ስንት ነው?» አልኳት። አንድ በአንድ ቆጠረች። «ሠላሳ አራት።»

4ቱን በእስክሪብቶ ከበብኩት። «ይሄን በእንጨት አሳዪኝ።» አራት እንጨት ለየች። ቀጥዬ 3ቱን ከበብኩት። «ይሄንንስ?» ሳታመነታ ሶስት እንጨት አነሳች።

ጠረጴዛው ላይ 27 እንጨት ቀረ። «እነዚህስ የማን ናቸው?» አልኳት። እንጨቶቹን አየች፣ ቁጥሩን አየች፣ እንደገና እንጨቶቹን አየች። «የማንም» አለችኝ።

ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው ይህን ጥያቄ ቢሞክረው ተመሳሳይ መልስ ደጋግሞ ያገኛል። የሕፃናትን የሒሳብ አስተሳሰብ ስታጠና የኖረችው ኮንስታንስ ካሚ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በ16 ጠጠሮች ይህንኑ ትጠይቅ ነበር። 16 ውስጥ ያለውን 1 በጠጠር አሳዩ ሲባሉ ብዙ ልጆች አንድ ጠጠር ብቻ ያሳያሉ። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ያዩትን ነው የመለሱት። 3 የሚለው ምልክት እስከዛሬ በሕይወታቸው ሶስት ማለት ነበር። አሁን ደግሞ ሠላሳ ነው እየተባሉ ነው፤ ምልክቱ ላይ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ያቺ ልጅ እንጨት አስራለች፣ ወረቀቱንም ሙሉ በሙሉ አግኝታለች። ታዲያ ምኑ ጋ አመለጠን?

የቦታ ዋጋ የምንለው ነገር ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ናቸው። አንደኛው አስር አንዶች ተሰብስበው አንድ አስር ይሆናሉ የሚለው ነው። ሁለተኛው ያንን አስር የምናውቀው አሃዙ ከተቀመጠበት ቦታ ነው የሚለው ነው። የታሰረ እንጨት የመጀመሪያውን ያስተምራል። ሁለተኛውን ግን በፍጹም አያስተምርም። እስሩን ቀኝ አስቀምጡት፣ ግራ አስቀምጡት፣ መሬት ጣሉት፤ ያው አስር ነው። አስርነቱን ራሱ ተሸክሞ ይዞራል።

ይህን በቅርብ ለማየት የራሳችን ፊደል ይረዳናል። ሠላሳ አራት በግዕዝ ቁጥር ፴፬ ነው። ፴ ብቻውን ቢጻፍም ሠላሳ ነው። ሌላ ምልክት አጠገቡ እንዲቆምለት አይፈልግም። 34 ላይ ያለው 3 ግን ብቻውን ሶስት ነው። ሠላሳ የሚሆነው በስተቀኙ አንድ አሃዝ ስለቆመ ብቻ ነው። ለዚህም ነው የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የሌለው። አርባ ለማለት ፵ ብሎ ያበቃል። 40 ግን ዜሮው ከተነሳ 4 ሆኖ ይቀራል። የታሰረ እንጨት ከ34 ይልቅ ለ፴፬ ይቀርባል ማለት ነው። ልጁ ከእንጨቱ ተነስቶ 34 ጋ እንዲደርስ በመሃል ድልድይ ያስፈልገዋል። ወረቀቱ የዚያ ድልድይ ሥራ ነው የሚሠራው፤ በደንብ ከተዘጋጀ።

መጀመሪያ እንጨቱን እንያዝ። ለሁለት ልጆች 50 እንጨትና 5 ላስቲክ ይበቃል። እንጨቱ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ቢሆን ለትንሽ እጅ ይመቻል፤ ካጠረ ላስቲኩ ያመልጣል። ውፍረታቸው ተቀራራቢ ይሁን። አንዱ እስር ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ከሆነ ልጆች የወፈረው ውስጥ ብዙ ያለ ይመስላቸዋል። ክር ለማሰር ጊዜ ይፈጃል፤ ላስቲክ ሁለቴ ተጠምዝዞ ይያዛል።

ከሁሉም በላይ ግን አስሮ ማደል የለብንም። ጊዜ ለመቆጠብ ብለን ቤታችን አስረን የምንመጣ አለን። አይሆንም። አስር አንዶች አንድ አስር የሚሆኑት ልጁ በገዛ እጁ ላስቲኩን ሲያጠብቅ ነው። ታስሮ የመጣ እስር ለእሱ አንድ ዕቃ ነው። ውስጡ አስር እንዳለ በወሬ ነው የሚያውቀው።

34 እንጨት ክምር አድርገው ይስጧቸው። መጀመሪያ ስንት ይመስላችኋል ይበሉ። ይገምቱ። ከዚያ አንድ በአንድ ይቁጠሩ። እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ መሳሳታቸውም ይጠቅመናል። አንዱ ጥንድ 33፣ አንዱ 36 ይላል። ጓደኛው ያናገረው ልጅ ቁጥሩ ይጠፋበትና እንደገና ይጀምራል። ማሰር ለምን እንደሚጠቅም ያን ጊዜ ይገባቸዋል። አስር አስር እያደረጋችሁ እሰሩ ይበሏቸው። አንዱ ሲያስር ሌላው እስሩን ሳይፈታ ጫፍ ጫፉን ቆጥሮ ያረጋግጥ። ዘጠኝ ወይም አስራ አንድ የገባበት እስር ሁልጊዜ አይጠፋም።

ሲጨርሱ ሶስት እስርና አራት ነጠላ ይኖራቸዋል። አሁን ይጠይቋቸው፤ «ስንት እንጨት አለ?» ከማሰራችን በፊት 34 ነበር። ምንም አልጨመርንም፣ ምንም አልቀነስንም። ለእኛ ጥያቄ አይደለም። ለብዙ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ላስቲኩን ፈትቶ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል። ተዉት፣ ይቁጠር። አይንገሩት። ራሱ ሁለቴ ሶስቴ ፈትቶ አስሮ 34 ላይ ሲደርስ ያኔ መፍታቱን ያቆማል።

በጣም የምከታተለው ሳይፈቱ የሚቆጥሩትን ነው። ትክክለኛው አቆጣጠር «አስር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሶስት፣ ሠላሳ አራት» ነው። የምሰማው ግን ብዙ ጊዜ «አስር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ» ነው። በአስር ጀምሮ ነጠላዎቹንም በአስር ነዳቸው። ሌላው «አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት...» ብሎ ሰባት ላይ ያቆማል። እሱ እስርንም ነጠላንም እኩል አንድ አንድ ዕቃ አድርጎ ነው የቆጠረው። ሁለቱ ስህተቶች አንድ አይደሉም። ሰባ ያለው ልጅ እስሩ አስር መሆኑን ያውቃል፤ ችግሩ ከአስር ወደ አንድ ሲዞር አቆጣጠሩን አለመቀየሩ ነው። ሰባት ያለው ገና እስሩ ላይ ነው ያለው።

ሰባ ለሚለው ልጅ የሚረዳው እጅ ነው። እስር ሲቆጥር በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ግራ ያስቀምጥ። ነጠላ ጋ ሲደርስ በአንድ ጣቱ ብቻ ይንካ። እጁ ሲቀየር አፉም ይቀየራል። ጥቂት ቀን ነው የሚፈጀው። ሰባት ለሚለው ደግሞ ወደ ማሰርና መፍታት መመለስ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ስለ አፍ ካነሳን አማርኛችን እዚህ ጋ ግማሽ መንገድ ያግዘናል። አስራ አራት ስንል አስርና አራቱ ይሰማሉ። ስለዚህ ከ11 እስከ 19 ልጆቻችን ብዙ አይቸገሩም። ሃያ ስንል ግን ሁለት የሚባል ነገር አይሰማም። ሠላሳ ውስጥም ሶስት ለልጅ ጆሮ አይሰማም። አርባ ከአራት፣ ሰባ ከሰባት፣ ዘጠና ከዘጠኝ ጋር በድምፅ ይዛመዳሉ። ሠላሳና ስልሳ ደግሞ እርስ በርስ ይምታታሉ፤ ስልሳ ስትሏቸው 30 የሚጽፉ አሉ። ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱንም ስም አንድ ላይ አስብላቸዋለሁ። እስሮቹን እያነሳን «ሶስት አስር፣ ሠላሳ» እንላለን። «ስድስት አስር፣ ስልሳ።» «እስር» እና «አስር» በድምፅ መቀራረባቸውም ደስ ይለኛል። እስሩ አስር ነው። ብቻ በጥንቃቄ፤ «ሁለት እስር» ያልኩትን «ሁለት አስር» ብለው ቢሰሙ አይጎዳም፣ አምስት እንጨት ያለበትን ሁሉ እስር ካልን ግን ይበላሻል። በእኔ ክፍል አስር ያልሞላ እስር አይባልም።

ቀጥሎ ቤቱ ይመጣል። አንድ ወረቀት መሃሉ ላይ በመስመር ይከፈላል። ግራው አስር ቤት፣ ቀኙ አንድ ቤት። እስር ግራ፣ ነጠላ ቀኝ። ሕጉ አንድ ነው፤ በቀኙ ቤት ውስጥ አስር ነጠላ ማደር አይችልም። ከሞላ ይታሰርና ወደ አስር ቤት ይዛወራል። ከየቤቱ በታች ስንት እንዳለ በአሃዝ ይጻፋል። እንጨቱ ያልነበረውን ቦታ የሚያገኘው እዚህ ነው።

ይህን ለማየት 39ን ይያዙ። ግራ ሶስት እስር፣ ቀኝ ዘጠኝ ነጠላ። አንድ እንጨት ጨምሩ በሏቸው። ቀኙ አስር ሆነ። አንዳንድ ልጅ እዚህ ጋ 310 ብሎ ይጽፋል፤ ግራ 3 አለ፣ ቀኝ 10 አለ። ያየውን ነው የጻፈው። ሕጉን አስታውሱት። ያስራል፣ ያዛውራል። አሁን ግራ አራት እስር፣ ቀኝ ባዶ። ከባዶው ቤት በታች ምን ይጻፍ? ምንም ካልጻፈ 4 ብቻ ይቀራል። ያ ደግሞ አራት ነጠላ እንጨት ነው። አራት ነጠላ አጠገቡ አስቀምጡለትና ያወዳድር። ዜሮ ለልጁ ትርጉም የሚያገኘው በዚህች ሰዓት ነው፤ ቤቱ አለ፣ ሰው ግን የለበትም።

ይህ ሁሉ ሁለት ሶስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

አሁን ያቺ ልጅ ሙሉ ያገኘችበትን ወረቀት መለስ ብዬ ሳየው ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስዕሎቹ 25፣ 31፣ 47፣ 52፣ 68 እና 76 ነበሩ። የአንዱም አስር ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ልጅ እስሮቹን ብቻ ቆጥሮ በዚያ አሃዝ የሚጀምረውን ቁጥር ቢፈልግ ስድስቱንም ያገኛል። ነጠላዎቹን ማየት እንኳን አያስፈልገውም። ደግሞ እስሮቹ ሁሌ ግራ፣ ነጠላዎቹ ሁሌ ቀኝ ተስለዋል። ከግራ ወደ ቀኝ ቆጥሮ መገልበጥ ብቻ ነው። ስድስት ስዕል፣ ስድስት ቁጥር ስለሆነም የመጨረሻው በራሱ ይገኛል።

አሁን የምሠራው ወረቀት እንዲህ ነው። በግራ በኩል ስድስት ስዕል አለ። አንደኛው ሶስት እስርና አራት ነጠላ። ሁለተኛው አራት እስርና ሶስት ነጠላ፤ ግን ነጠላዎቹን በስተግራ፣ እስሮቹን በስተቀኝ እስላለሁ። ሶስተኛው አራት እስር ብቻ። አራተኛው አራት ነጠላ ብቻ። አምስተኛው አንድ እስርና አራት ነጠላ። ስድስተኛው አራት እስርና አንድ ነጠላ። መሃል ላይ «___ አስሮችና ___ አንዶች» የሚል ባዶ ቦታ አለ። በቀኝ በኩል ስምንት ቁጥር ተዘበራርቆ ይጻፋል፤ 14፣ 304፣ 4፣ 43፣ 7፣ 40፣ 34፣ 41።

ሁለቱ ትርፍ ቁጥሮች ዝም ብለው አልገቡም። ከ7 ጋር ያዛመደ ልጅ እስርን እንደ አንድ ነው የቆጠረው። ከ304 ጋር ያዛመደ ሠላሳን 30 ብሎ ጽፎ ከጎኑ 4 ቀጥሏል፤ የሰማውን ነው የጻፈው። ለእሱ ቤቱን መልሼ አወጣለሁ፤ ሁለት ቤት ነው ያለን፣ ሶስት አሃዝ የት ያድራል? ሁለተኛውን ስዕል ከ34 ጋር ያገናኘ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ እየገለበጠ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በአሮጌው ወረቀት ሙሉ ነበር የሚያገኘው። 40ንና 4ን ያቀያየረ ካለ ዜሮው ገና አልያዘውም። ወረቀቱን ሳርም ስንት ከስድስት እንዳገኘ ብዙ አያሳስበኝም። የትኛው መስመር ወዴት እንደሄደ ነው የማየው።

መሃል ያለውን ባዶ ቦታም አትዝለሉት። ልጁ መስመሩን ከማስመሩ በፊት 3 አስሮችና 4 አንዶች ብሎ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው ስዕል ላይ ነጠላዎቹ ግራ ቢሆኑም አራቱ «አስሮች» ከሚለው ቃል በፊት ነው የሚገባው። ለመገልበጥ የቸኮለውን ልጅ ቆም የሚያደርገው ያ ነው።

ስለ ስዕሉ አንድ ነገር ልበል። አንድ ጊዜ በችኮላ ስስል በየእስሩ ዘጠኝ መስመር ብቻ አስምሬ ኖሯል። አንድ ልጅ ሶስት እስርና አራት ነጠላውን 31 ብሎ መለሰ። ኤክስ አደረግኩበት። ወረቀቱን ይዞ መጣና በጣቱ እየነካ ቆጠረልኝ። «ቲቸር፣ ይሄኛው ዘጠኝ ነው። ይሄኛውም ዘጠኝ።» ሃያ ሰባትና አራት፣ ሠላሳ አንድ። ከክፍሉ ሁሉ በደንብ ያሰበው እሱ ነበር፤ የተቀጣውም እሱ። ይቅርታ ጠይቄው ምልክቱን አስተካከልኩ። ተዘጋጅተው የሚታተሙ ወረቀቶችም ላይ እስሩ ስድስት ሰባት ዱላ ብቻ ሆኖ ይሳላል። ከማደላችሁ በፊት ቁጠሩ። አስሩም ካልታዩ ልጁ ወይ ይሳሳታል፣ ወይ አለመቁጠርን ይማራል። ሁለቱም አይጠቅሙም። ልጆቹ ከለመዱ በኋላ እስርን በአንድ ረጅም መስመር፣ ነጠላን በነጥብ መተካት ይቻላል። ያን ግን ራሳቸው ይሳሉት።

ያቺን ልጅ ወደ ቤቱ ወረቀት መለስኳት። ሌላ ቀን ደግሞ ሁለተኛ ዓይነት ወረቀት ሰጠኋት። እዚያ ላይ አንዱ ስዕል ሁለት እስርና አስራ አራት ነጠላ ነው፤ ሌላው ሶስት እስርና አራት ነጠላ። ሁለቱም የሚሄዱት ወደ 34 ነው። ለአንድ ቁጥር ሁለት መስመር ማስመር ይቻላል ብዬ አልተናገርኩም። አብዛኞቹ 214 የሚል ቁጥር ፈለጉ፤ እሱንም ሆን ብዬ አስገብቼዋለሁ። እሷ እንጨቷን አወጣች። ሁለት እስርና አስራ አራት ነጠላ ደረደረች። አስሩን ነጠላ አሰረች። ቆም አለች። «ያው ነው» አለችና ሁለተኛውን መስመር አሰመረች።

ያን ዕለት እንደገና 34 ነጠላ እንጨት በተንኩላት። 4ቱን ከበብኩ፤ አራት ለየች። 3ቱን ከበብኩ። ሶስት እንጨት ልታነሳ እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ከዚያ የቀረውን በሙሉ በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ራሷ ጎተተች። «ይሄ ሁሉ። ላስቲክ ካለሽ ላስረው» አለችኝ። ሶስት ላስቲክ ሰጠኋት። አስራ ስትጨርስ «እስኪ ስምንት እንጨት ስጪኝ» አልኳት። አራቱን ነጠላ ሰጠችኝ። አራት ጎደለ። ሶስቱን እስሮች ተራ በተራ አየቻቸው። አንዱን ፈታች፣ አራት ቆጥራ ሰጠችኝና ከፊቷ የቀረውን ሁለት እስርና ስድስት ነጠላ እያየች 26 ብላ ጻፈች።